ለቅዳሜው ውይይት፦ አጫጭር ግጥሞቹን ስናነብ

ቅዳሜ 9 ሰዓት እንገናኝ። መድበሉን ሳትጨርሱ ብትመጡም ችግር የለም። አንዷን ግጥም ግን ሦስቴ አንብቡ፤ አንዴ ጮክ ብላችሁ።

1. የትኛዋ ግጥም አልለቃችሁ አለች? የትኛው ቃል ላይ ቆማችሁ?

2. ገጽ 31ን አብረን እናነባለን፦

ጀበናው ተጣደ፣ ሲኒው ተደርድሮ፤
ማን ይጠጣው ይሆን፣ ቤቱ ሰው ቸግሮ።

ወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም። መሀል ላይ ትንፋሽ ስንወስድ ምን ይሰማናል? ሰዎቹስ የት ሄዱ? ሲኒውን የደረደረው ማነው? (እኔ እናት ናት ብያለሁ። ባለቤቴ አልተስማማም።)

3. ሰሙ ብቻ የሚበቃው፣ ወርቅ ስንፈልግለት የምናበላሸው ግጥም የቱ ነው?

4. አንድ ስንኝ ቢጨመርባት የምትበላሸውስ? ለምን?

ያልወደዳችሁትንም አምጡ። እኔን የፍቅሮቹ ሰልችተውኛል።