የቅዳሜ ገበያ

ባለፈው ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ ሄድኩ። ጠዋቱ በጣም ስለበረደ አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው ለበሱ፤ እኔም በጉን በገመድ እየሳብኩ ተከተልኳቸው።

ገበያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ገበሬዎች ገብስ፣ ባቄላና ምስር በጆንያ ደረደሩ፤ ሴቶችም ቅቤ ሸጡ። በግ ተራ ስንደርስ አንድ ነጋዴ መጣና የበጉን ወገብና ላት በእጁ ዳሰሰ።

«እማማ፣ ስንት ይሉታል?» ሲል ጠየቀ።

«12,000 ብር። ገብስ እያበላሁ ያሳደግሁት ነው፣ ልጄ» አሉት።

«9,000 ልስጥዎት።»

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። በመጨረሻ በ10,500 ብር ተስማሙ። አያቴ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና በመቀነታቸው ጫፍ አጥብቀው ቋጠሩት። ከዚያም ገመዱን ከበጉ አንገት ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ። በጉን ከግልገልነቱ ጀምሮ ስለማውቀው ሲወስዱት ማየት ከበደኝ፤ ፊቴንም አዞርኩ።

አያቴ ይህን አዩ፤ ግን ምንም አላሉም። ጨው፣ በርበሬና ለእኔ ሁለት ደብተር ገዙ። ወደ ቤት ስንመለስ ደብተሮቹን በአንድ እጄ፣ ባዶውን ገመድ በሌላው ያዝኩ።