ከሂሳብ ክፍል ስሰናበት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

60 ዓመት ሞላኝ፤ ሕጉም ይበቃሃል ብሎኛል። ስንት ዘመን «ሪፖርቱን አሳጥሩ» ስላችሁ ኖሬ ዛሬ እኔ ባስረዝም ትታዘቡኛላችሁ።

ከካርቦን ወረቀት ዘመን ጀምሮ አብራችሁኝ ለቆያችሁ ግን ዕዳ አለብኝ። አንድ ሰኔ 30 ሌሊት ሂሳብ ስንዘጋ 15 ሳንቲም ጎደለች። እስክትገኝ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ያገኟት ገንዘብ ያዣችን ናቸው፤ ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገውኝ፣ «እርስዎ የፈረሙበት ሰነድ ላይ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። ለማንም አልነገሩም፤ ይኸው እኔው ተናዘዝሁ።

የመዝገብ ቤቱ ወንድሜ፣ ፋይል በአቧራው የምትለየው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። የመሳቢያዬን ቁልፍ ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ። የቡና ስኒዬን ግን አላስረክብም፤ አርብ አርብ እመጣለሁ።