የሴታፕ ኖት «ደርሶኛል» ማያ ቼክሊስት (ለሺፍት መሪዎች)

ይሄ ቼክሊስት ቴክኒሻኑ ሴታፑን እንዴት እንደሠራው ማያ አይደለም፣ ለሱ ሌላ አለን። እዚ የምናየው ማታ ቴሌግራም ላይ ለምንልከው ኖት የሚመለሰውን ሁለት ሦስት መስመር መልስ ብቻ ነው። ኖቱን፣ መልሱን እና በማግስቱ ከራውተሩ የወጣውን ኤክስፖርት ጎን ለጎን ሳትከፍቱ አትጀምሩ።

ምሳሌ እንዲሆን የደሴ ቅርንጫፍን ያዙ። ኖቱ አራት ነገር ነበረው፦ 1) የድሮው ራውተር ዲኤችሲፒ ይዘጋ፣ 2) ኔትወርኩ ከ192.168.88.0/24 ወደ 10.20.4.0/24 ይቀየር፣ 3) ሰዓቱ Africa/Addis_Ababa ይሁንና ኤንቲፒ ይከፈት፣ 4) ከቅርንጫፉ ሳትወጣ ኤክስፖርት ላክ። የመጣው መልስ «እሺ ደርሶኛል፣ ሁሉም ክሊር ነው፣ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር፣ ኖቱ በተላከ በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

እውነት ነው ወይ?

☐ የጻፈው ቃል የቱ ነው? ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ሠርቼዋለሁ፣ አራቱም የተለያዩ ናቸው። ገጽ ተኩል ኖት በአንድ ደቂቃ ተነቦ «ሁሉም ክሊር» አይባልም። «ደርሶኛል፣ ቤት ስገባ አነበዋለሁ» ቢል ግን እውነት ነው፣ ምልክት አድርጉለት።

☐ «አልገባኝም» ወይም «ይሄን ሠርቼ አላውቅም» ካለ ሙሉ ሰጣችሁት? ይሄ ላይ እባካችሁ ጠንቀቅ በሉ፣ ምክንያቱም ሰው አልገባኝም ብሎ ግሩፕ ላይ አንዴ ከተሳቀበት ሁለተኛ አይጽፍም፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «ክሊር ነው» ብቻ ይሆናል፣ እኛም ችግሩን የምናውቀው ቅርንጫፉ ሥራ ሲያቆም ነው።

☐ «ጨርሻለሁ» ካለ ራውተሩ ይመሰክራል? እነዚህን አሂዱ፦

```
/system clock print
/ip dhcp-server print
/export file=dessie
```

ሁለተኛውን በድሮው ራውተር ላይ አሂዱት፤ ከመስመሩ ፊት X ከሌለ ዲኤችሲፒው አልተዘጋም ማለት ነው። ደሴ ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ሁለት ዲኤችሲፒ አንድ ኔትወርክ ላይ እየሰጡ ግማሹ ኮምፒውተር የአዲሱን አድራሻ ግማሹ የድሮውን ይዞ አደረ። ልጁ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ አዲሱ ላይ ሠርቶ የድሮውን ረስቶታል። ለዛም ነው መልሱ ላይ ቁጥር በቁጥር እንዲጽፉ የምንለምነው።

አጭር ነው ወይ?

☐ ስልክ ላይ ሳይገፋ ያልቃል?
☐ የኛን ኖት ኮፒ አርጎ መልሶ ልኮልናል? እሱ መልስ አይደለም።

ሰላምታ አይቆጠርም፣ እንደምን አመሻችሁ ማለት ነውር የለውም። ጥያቄ እያለው «እሺ» ብቻ ያለ ሰውም አጭር ጻፈ አትበሉ።

ይጠቅማል ወይ?

☐ ኖቱን ያላየ የሌሊት ሺፍት ሰው መልሱን ብቻ አንብቦ ምን እንደቀረ ያውቃል?

☐ ሰዓት ከጻፈ የማን ሰዓት ነው? «2:00 ላይ እጀምራለሁ» ብሎ ዝም አይበቃም፤ በኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሎጉ ላይ 08:00 ነው፣ ሎጉ ላይ 02:00 ደግሞ የኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ትንንሾቹ ማይክሮቲኮች ደግሞ አብዛኞቹ የሰዓት ባትሪ የላቸውም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኤንቲፒ ካልተከፈተ ሎጉም አያድናችሁም።

☐ ቦታው ላይ ያለ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጨምሯል? ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን የጻፍነው ኖት የቅርንጫፉን ጠረጴዛ አያየውም። ከኮምቦልቻ የመጣውን እዩት፦

«ሰላም ጋሼ፣ ኖቱን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። 1፣ 3 እና 4 ግልጽ ናቸው። 2 ላይ፣ ፕሪንተሩ በእጅ የተሰጠው 192.168.88.50 አለው፣ ኔትወርኩ ሲቀየር ማተም ያቆማል፣ እሱንም ልቀይረው? ነገ ጠዋት በኛ 2 ሰዓት እጀምራለሁ።»

የኛ ኖት ፕሪንተሩን ረስቶት ነበር። ይሄን የጻፈችው ልጅ የአንድ ቀን ምልልስ አዳነችን።

☐ ጥያቄ ካለው እኛ መለስንለት? ካልመለስን ጥፋቱ የኛ ነው፣ መልሱ ላይ ነጥብ አትቀንሱ።

ውጤት ስትሰጡ፦ እውነት የሚለው ላይ አንድ እንኳን ከወደቀ ሌላውን አትቁጠሩ፣ ደውሉና ምን እንደሆነ ጠይቁ። እውነት ሆኖ ረጅም ከሆነ ያልፋል። እውነትና አጭር ሆኖ ካልጠቀመ ምን ቢጨመር እንደሚሻል አንድ መስመር ጻፉ፣ ኢንቦክስ ላይ እንጂ ግሩፕ ላይ አይደለም። እንደ ኮምቦልቻው ያለ ስታገኙ ግን ግሩፕ ላይ አመስግኑ፣ የረሳነውንም በዛው ቀን ዋናው ኖት ላይ አስገቡት። የሳምንቱን አርብ በኛ 10 ሰዓት ሳይሞላ ላኩልኝ፣ የሰኞውን ኖት ከዛ ላይ ነው የምጽፈው።