ጉዳዩ፦ በወገብ ሕመም ምክንያት የሥራ ቦታ ማስተካከያ ስለመጠየቅ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም
አዲስ አበባ

ለወ/ሮ ሰናይት
የሒሳብ ክፍል ኃላፊ

ወ/ሮ ሰናይት፣ እንደምን ሰነበቱ?

ይህን በቃል ልነግርዎት ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አንዴ ስልክ ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ጊዜ ግን እውነቱን ለመናገር እኔው ፈርቼ ነው። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ባጭሩ የምጠይቅዎት ይህ ነው። ወንበሬ ይቀየርልኝ፤ ቦክስ ፋይል ከማንሳት ልረፍ፤ ለስምንት ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ለፊዚዮቴራፒ 10 ሰዓት ላይ ልውጣ። ሥራ ይቀነስልኝ አላልኩም።

ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ብርድ ነው ብዬ ናቅኩት። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ቅባትም ሞከርኩ። ለጥቂት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ እግሬ እስከ ባቴ ይወርዳል፤ ጣቴን ያደነዝዘኛል። በኤምአርአይ ሲታይ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ እየነካ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ለጊዜው ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም ብሎኛል። ያዘዘልኝ ፊዚዮቴራፒ ነው። ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ እንዳልቀመጥ፣ ጎንበስ ብዬም ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠንቅቆኛል። የሕክምና ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ጥቅምት 27 ከሰዓት በኋላ ያስታውሱ ይሆናል። የዓመቱን ግብር ለማስታወቅ ሦስት ቀን ሲቀረን ማለት ነው። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እንቅልፍ ነው አልኩዎት። እንቅልፍ አልነበረም። ከመደርደሪያው ታችኛ ክፍል የሰኔን የክፍያ ቫውቸሮች ላወጣ በርከክ ብዬ መነሳት አቃተኝ። መደርደሪያውን ይዤ፣ ሰነድ የምፈልግ መስዬ፣ ወለሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጎኔ ያለችው ልጅ ገብቷት ኖሮ እጄን ይዛ አነሳችኝ። በማግስቱም ዓይኔ ደም እስኪመስል ድረስ ሳላርፍ ሠራሁ፤ የባንኩን ማስታረቂያ ሁለት ጊዜ አሳስቼ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሳይቸግረኝ የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ቀድሜ ብናገር ኖሮ ለርስዎም ለኔም ይቀል ነበር።

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የኔ ወንበር ከፍ ዝቅ ማድረጊያው ተበላሽቷል። ጠዋት ከፍ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጉልበቴ ከጠረጴዛው እኩል ሆኖ አገኘዋለሁ። መደገፊያው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ነጠላዬን ጠቅልዬ ወገቤ ላይ እሸጉጣለሁ። አዲስ ይገዛልኝ አልልም። ትንሿ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ወገብ የሚደግፍ ወንበር አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ ካፖርት ነው የሚንጠለጠልበት። እሱን ከኔ ጋር ብንቀያይረው ይበቃኛል። የኮምፒውተሩን ስክሪን በሁለት ደስጣ ወረቀት ከፍ አድርጌዋለሁ፤ አንገቴን ቀለል ብሎኛል፤ በዚያ በኩል ምንም አልፈልግም።

ፋይሎቹን በተመለከተ፣ የዘንድሮዎቹን ከታችኛው መደርደሪያ ወደ መካከለኛው ብናዛውራቸው ጎንበስ ማለቱ ይቀርልኛል። የአራትና የአምስት ዓመት አሮጌ ሰነዶች የወገብ ከፍታውን ቦታ ይዘዋል፤ እነሱን ኦዲተር ካልመጣ ማንም አይነካቸውም። የቆየ ፋይል ከምድር ቤቱ መጋዘን ሲፈለግ ደግሞ ተላላኪያችን ያምጣልኝ። እኔ ቁጥሩንና ወሩን ጽፌ እሰጠዋለሁ።

በየ45 ደቂቃው አምስት ደቂቃ ያህል ተነስቼ ልንቀሳቀስ ይገባኛል። ይህን የምነግርዎት ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ሥራ የፈታሁ እንዳይመስልዎት ነው። የስልክ ጥሪዎችንም ቆሜ ማናገር እችላለሁ።

ባንክ መላላክን ግን አይውሰዱብኝ። ይህን የምለው፣ አሞኛል ስል ቀድሞ የሚቀርብኝ እሱ እንደሚሆን ስለገመትኩ ነው። ለኔ የሚከብደኝ መቀመጥ እንጂ መራመድ አይደለም። ከባንክ ስመለስ እግሬ ተፍታቶ ነው የምመጣው። ወረፋው ከረዘመ ቆም ቀመጥ እያልኩ እጠብቃለሁ።

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ነው። ፊዚዮቴራፒው ማክሰኞና ሐሙስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሌላ ሰዓት ጠይቄ አላገኘሁም። ኅዳር 16 ተጀምሮ ጥር 7 ያልቃል። 10 ሰዓት ላይ ብወጣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ይጎድለኛል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በ2 ሰዓት ተኩል ፋንታ 1 ሰዓት ተኩል ገብቼ አካክሰዋለሁ። ለኔም ይሻለኛል፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ላይ ግፊያ የለም። ጥበቃዎቹ ቢሮውን እንዲከፍቱልኝ አንድ ቃል ቢነግሩልኝ ብቻ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያና የደመወዝ ሥራ ከነዚህ ቀኖች ጋር ከተጋጨብን አንድ ቀጠሮ አዛውራለሁ፤ ከሁለት በላይ ግን ባልዘል ደስ ይለኛል።

ፈቃድ ወጥተሽ ለምን አታርፊም የሚሉኝ አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ እንዳለኝ፣ የመጀመሪያው ወርም በሙሉ ደመወዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሐኪሙ ራሱ ተኝተሽ አትዋይ፣ ተንቀሳቀሺ ነው ያለኝ። አልጋ ላይ ውዬ ወደዚያው ወንበር ብመለስ ምን ትርፍ አለው? ያን ፈቃድ ለባሰ ቀን ላቆየው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የሕክምና ወረቀቱን እርስዎና የሰው ኃይል ኃላፊው ብቻ ቢያዩት እወዳለሁ። ለሌሎቹ «በስምምነት ሰዓት ቀይራለች» ማለቱ በቂ ነው። ወገቤን እንደታመምኩ ቢያውቁ አይከፋኝም፤ ዝርዝሩ የቡና ሰዓት ወሬ እንዳይሆን ነው።

ጥር 8 አርብ ጠዋት ቁጭ ብለን፣ ወይም ቆመን፣ ምን እንደጠቀመና ምን እንዳልጠቀመ ብናይ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ሕክምናው ምን እንዳሳየ ከባለሙያው ጽሑፍ አመጣለሁ።

ሕክምናው የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ስለሆነ፣ ቢያንስ ስለ ሰዓቱ እስከዚህ ሐሙስ ቢያሳውቁኝ ቀጠሮዬን አጸናለሁ። ወንበሩን ከፈቀዱልኝ ዛሬም ቢሆን ራሴ እየገፋሁ አመጣዋለሁ፤ ጎማ አለው፣ ማንሳት አይጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
ሂሩት
የሒሳብ ሠራተኛ

አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ፣ 1 ገጽ፣ በታሸገ ፖስታ