ለውድ ደንበኞቻችን፦ ሙዚቃ ቤታችን ሊዘጋ ነው

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከረማችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ወሬው ቀድሞኝ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ እውነት ነው። ሱቁ ጥቅምት 30 ይዘጋል።

ፒያሳ ሲፈርስ ስላያችሁ ብዙዎቻችሁ «ልማት ተነሺ ሆናችሁ እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። የኛን መደዳ እስካሁን የነካው የለም። ኪራዩ ጨምሯል፣ እሱም ቢሆን ዋናው ምክንያት አይደለም። ዋናው ነገር ሥራው ራሱ ከሱቁ መውጣቱ ነው። ዘፋኙ አዲስ ሥራውን ማታ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል፣ ጠዋት እኔ ሱቅ ስከፍት አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። ታዲያ እኔ ምን ልሽጥ?

በ1976 ሱቁን ስከፍት ሸክላ መታተሙ ቀርቶ ካሴት ነግሦ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር በጊዜ ዘግተን ወደየቤታችን እንሮጣለን። ያን ጊዜ ሮሃ ባንድ ያጀበው ካሴት መጣ ከተባለ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ደግሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ ያንኑ ዘፈን ይከፍታል፤ ግን አንዱ መግቢያው ላይ፣ አንዱ አዝማቹ ላይ ስለሆነ ምንም አይሰማም። ሰው ግን እዚያው ቆሞ ይገዛል።

ከሁሉ የምወደው ግን የዘፈኑን ስም ሳታውቁ የምትመጡትን ነበር። «ያ… መጀመሪያው ላይ ሳክስፎን ያለው፣ ስለ ዓይኗ የሚለው» ትሉኛላችሁ። ስለ ዓይኗ የማይል ዘፈን አለ እንዴ? ትንሽ አንጎራጉሩልኝ እላለሁ። ታፍራላችሁ፣ ዞር ብላችሁ ሰው መኖሩን ታያላችሁ፣ ከዚያ ታንጎራጉራላችሁ። ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ። አሁን ስልኩ ራሱ ሰምቶ ይነግራችኋል፣ ማፈርም ቀረ።

ውጭ አገር ያላችሁትንም አልረሳሁም። እናቶቻችሁ በርበሬና ሽሮ ቋጥረው ሊልኩላችሁ ሲነሱ «ካሴቱን በርበሬው እንዳያበላሸው በፌስታል ጠቅልልልኝ» ይሉኝ ነበር። ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ጅዳም የደረሰ የኔ ፌስታል ይኖራል።

በሲዲ ጊዜ ትንሽ ተነፈስን፣ ከዚያ ፍላሽ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺን ሙላልኝ» የሚል ልጅ በዛ። ቀጥሎ ቴሌግራም መጣ፣ ፍላሽ መሙላቱም ቀረ። ቴፕ የሚጠግኑልን ሰዎችም አንድ በአንድ ሥራ ቀየሩ።

«ሸክላ እኮ ተወዷል፣ ለፈረንጅ እየሸጥክ ቀጥል» ያላችሁኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ በ1990ዎቹ የድሮ ዘፈኖቻችንን የያዙት ኢትዮፒክስ የሚባሉት ሲዲዎች ፈረንሳይ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ አምሐ እሸቴና ካይፋ ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ፍለጋ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። ጥሩ ገንዘብም ይከፍላል። እኔ ግን የከፈትኩት የሰፈር ሰው የሚገባበት ሱቅ ነው። በወር አንድ እንግዳ እየጠበቅሁ አቧራ መጥረግ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከዛሬ ጀምሮ ካሴትና ሲዲ ሁሉ በግማሽ ዋጋ ነው። ሸክላዎቹን እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ለእናንተ ብቻ ነው የምሸጠው፣ ከዚያ በኋላ ለመጣ ሁሉ። እንድሸጥላችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ መጥታችሁ ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ላይ ስማችሁን ጽፌበታለሁ። የዱቤ ደብተሩን ዘግቼዋለሁ። ያለባችሁም እንደሌለባችሁ ሆናችሁ ኑ፣ በእሱ ምክንያት በሌላ መንገድ የምትዞሩ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ!

ቤታችሁ ያሉትን ካሴቶች አደራ። ፀሐይና ሙቀት ካለበት፣ ከስፒከርም አጠገብ አርቁ፤ በስፒከሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ድምፁን ያበላሸዋል። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ከመክፈታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። ሸክላ ደግሞ አቁማችሁ ደርድሩ፣ ከተነባበረ ይጣመማል። የሠርግ፣ የልደት፣ የወላጆቻችሁ ድምፅ ያለበት ካሴት ካላችሁ ግን ከሁሉ በፊት እሱን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡ። ዘፈኑ ከሌላ ቦታ ይገኛል፣ የአባታችሁ ድምፅ ግን አይገኝም። እስክንዘጋ ድረስ እኔም አስገለብጣለሁ፣ ለዚህ ሥራ ሒሳብ አልቀበልም።

የመጨረሻው ቀን እሑድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ቡና አለ፣ ዘፈን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በየተራ ነው፣ አንድ ሰው አንድ ዘፈን። መደርደሪያውን የሚፈልግ ካለ ቶሎ ይንገረኝ፣ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት እየጠየቀኝ ነው።

አክባሪያችሁ
ተስፋዬ