ጂፒኤሱ «ደርሷል» ካለ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ ስለሚባክነው ጊዜ የጻፉትን አነበብኩ። ኬላ ላይ ስለሚፈጠረው ወረፋ ያሉት እኔም በየሳምንቱ ከሾፌሮች የምሰማው ነው። «ጂፒኤስ ከተገጠመ አብዛኛው መዘግየት ይቀራል» በሚለው ላይ ግን ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የምሠራው ገላን በኩል፣ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ርክክብ ላይ ነው። ከዚህ ሲታይ ትልቁ ብክነት የሚጀምረው ጂፒኤሱ «ደርሷል» ካለ በኋላ ነው።

ተሳቢው ጠዋት በር ላይ ይቆማል። ጥበቃው ስቶር ኪፐሩን ይጠራል። ስቶር ኪፐሩ ሰነዱን ይጠይቃል፤ ሰነዱ ዋናው ቢሮ ነው፣ ዋናው ቢሮ ደግሞ ከተማ መሃል ነው። ሰነዱ ሲመጣ ከጫኝና አውራጆች ጋር የዋጋ ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ ሲያልቅ ምሳ ሰዓት ይሆናል። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ስክሪን ላይ ግን ጉዞው በሰዓቱ ተጠናቋል።

እኛ ጋ አንድ ተራ ደብተር በር ላይ አስቀመጥን። የሚጻፉት ሦስት ሰዓቶች ብቻ ናቸው፦ መኪናው የደረሰበት፣ ሸራው የተፈታበት፣ ባዶውን የወጣበት። ሁላችንም ጥፋቱ የአውራጆቹ ይመስለን ነበር። ደብተሩ ያሳየን ሌላ ነው። ማውረዱ ራሱ ያን ያህል አይቆይም፤ ሸራው እስኪፈታ ያለው ጊዜ ነው ቀኑን የሚበላው። የዚህ መዘግየት ምክንያት ደግሞ በአብዛኛው ወረቀት ነው።

አሁን የሰነዱ ፎቶ ከዋዜማው በቴሌግራም ይደርሰናል። ቦታው ቀድሞ ይለያል፣ የማውረጃ ዋጋም ማታውኑ ይቆረጣል። ሁሉም ችግር ተፈታ ማለቴ አይደለም። ፋይናንስ ኦርጅናሉን ካላየ ገቢ ደረሰኝ አይቆርጥም፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ግን መኪናው ይህን ቆሞ መጠበቅ የለበትም።

ይህን የማነሳው እርስዎ ከጠቀሱት የመኪና እጥረት ጋር ስለሚገናኝ ነው። እስከ ማታ እኛ በር ላይ የቆመ መኪና በነጋታው ለጂቡቲ ጭነት ተራ አይዝም። በዚያ ላይ የከባድ መኪና የሰዓት ገደብ አለ። ከተማውን ማቋረጥ ያለበት ሾፌር ሰዓቱ ካለፈበት አለቀለት፣ እዚሁ ያድራል። አዲስ መኪና ከመግዛት በፊት ያሉትን ቶሎ መልቀቅ ይቀድማል ባይ ነኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እናንተ ከትራንስፖርተሮች ጋር ስትዋዋሉ መኪናው ሳይራገፍ ለቆመበት ጊዜ የሚከፈለው ዲመሬጅ የሚቆጠረው በር ላይ ከደረሰበት ሰዓት ነው ወይስ ሰነዱ ተሟልቶ ከገባበት? እኛ ጋ ይህ በግልጽ ስላልተጻፈ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። በእናንተ መጠን ለሚሠራ ድርጅት የትኛው እንዳዋጣ ቢነግሩን ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። የደብተሩን ቅጽ ማየት ከፈለጉ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ አንድ ገጽ ናት።