«ቡናው ቢመለስ የእኛስ ቀን?»፦ የእርጥበት መለኪያው ደንብ ለሠራተኞች በቪዲዮ ሲነገር

ቦታ፦ የቡና ማበጠሪያና መጋዘን ግቢ፣ ጅማ
ተናጋሪ፦ የጥራት ክፍል ኃላፊ፤ ከእሷ ጋር አንዲት አንጋፋ ለቃሚና አንድ የበር ናሙና ወሳጅ
ርዝመት፦ 5 ደቂቃ ገደማ
የሚታየው፦ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በሻይ ክበቡ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ በየክፍሉ የቴሌግራም ቡድን። የኦሮምኛው ቅጂ በዚያው ቀን ለብቻው ይቀረጻል። የአማርኛው ትርጉም ሆኖ እንዳይነበብ ተናጋሪው በራሱ አነጋገር ይናገረው።

ቦርድ ላይ የተለጠፈው

«ጉዳዩ፦ የምርት እርጥበት ቁጥጥር አፈጻጸምን ይመለከታል። የምርት ጥራትን ከማረጋገጥ አኳያ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የእርጥበት መጠኑ ከ11.5 በመቶ በላይ የሆነ ማንኛውም ምርት ወደ መጋዘን እንዳይገባ የተወሰነ መሆኑን እየገለጽን፣ የሚመለከታችሁ ሁሉ መመሪያውን በጥብቅ እንድትፈጽሙ፣ በማይፈጽሙት ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናሳስባለን። በዚህ ምክንያት የለቀማ ሥራ በሚቋረጥባቸው ቀናት የሚፈጸመው ክፍያ ባለፉት 12 የሥራ ቀናት አማካይ ምርት የሚሰላ ይሆናል።»

ችግሩ የቃላቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ለቃሚዎቹ ከሁሉ በላይ የፈለጉት መልስ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀብሯል፤ ሰው ደግሞ «እርምጃ» የሚለው ላይ ሲደርስ ማንበብ ያቆማል። ስለዚህ በቪዲዮው ክፍያው ወደ ፊት መጥቷል፣ ማስጠንቀቂያው ግን አልተሰረዘም። «ተወስኗል» የሚለው ቀርቶ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነግሯል። ከደንቡ አንድም ቁጥር አልተለወጠም።

ትዕይንት 1። የመልቀሚያ አዳራሽ፣ ኃላፊዋ አግዳሚው ላይ ከለቃሚዎቹ ጋር ተቀምጣ

ኃላፊዋ፦ እንደምን አላችሁ። አካም ጅርቱ። ቦርዱ ላይ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሲዞር ሰንብቷል። «ቡናው ከበር ከተመለሰ እኛ ምን እንለቅማለን? ቀናችንስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ልመልስ።

እርጥብ ቡና መጥቶ ለቀማ የቆመ ዕለት ክፍያችሁ አይቀርም። ከዚያ ቀን በፊት የሠራችሁባቸው 12 ቀናት ይወሰዳሉ፤ በእነዚያ ቀናት የለቀማችሁት ኪሎ ተደምሮ ለ12 ይካፈላል። ለምሳሌ 540 ኪሎ ለቅማችሁ ከሆነ 45 ኪሎ ይደርሳል። ሥራ በቆመበት ቀን 45 ኪሎ እንደለቀማችሁ ተቆጥሮ ይከፈላችኋል።

ለቃሚዋ፦ ማነው የሚመዘግበው? አፍ ብቻ እንዳይሆን።

ኃላፊዋ፦ ልክ ነዎት፣ እትዬ። ተቆጣጣሪው ይመዘግባል፣ እናንተ ትፈርማላችሁ። መፈረም የማይችል የጣት አሻራ ያደርጋል። ወረቀቱ በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት በፊት ካልመጣላችሁ ወደ ቤት ሳትሄዱ እኔ ቢሮ ኑ።

(ለቀራጩ፦ የለቃሚዋ ጥያቄ እንዳይቆረጥ። «አፍ ብቻ እንዳይሆን» የሚለው አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በልቡ የሚለው ነው። ከአፏ ሲወጣ ቃሉ ቢለወጥም እሷ ባለችው ይቅር፤ የተጻፈውን አታስደግሟት።)

ትዕይንት 2። መጋዘን ውስጥ፣ ሁለት ሰሃን ቡና ጠረጴዛ ላይ

ኃላፊዋ፦ ለምን 11.5? ለውጭ ገበያ የሚላክ ቡናችን ከዚህ ማለፍ የለበትም። ይሄኛው ሰሃን ደህና የደረቀ ነው። ይሄኛው ደግሞ እርጥብ ሳለ ጆንያ ውስጥ የከረመ። ቀለሙ እንዴት እንደነጣ እዩት። አሽትቱት ብዬ ባሳያችሁ ደስ ባለኝ፤ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ አለው።

እርጥብ ቡና ሲደራረብ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ደግሞ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የእናንተ ዓይን ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን ይለያል። የሻጋታ ጣዕምን ግን ጣት አይለቅመውም። አንድ እርጥብ ጆንያ አጠገቡ ያለውን፣ ስንት ቀን በትዕግሥት የተለቀመ ቡና ያበላሻል። ልፋታችሁ እንዲያ እንዲቀር አንፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። 13.5 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ 60 ኪሎ ጆንያ ወደ 11.5 ሲደርቅ 58 ኪሎ ከ640 ግራም ገደማ ይሆናል። ወደ 1 ኪሎ ከ360 ግራም የሚጠጋ ውሃ በቡና ዋጋ ገዝተን ነበር ማለት ነው። በ100 ጆንያ 136 ኪሎ።

(ለተናጋሪዋ፦ ቁጥሮቹን ቀስ ብለሽ። 58 ኪሎ ከ640 እና 136 ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፋሉ፣ ሌላው አይጻፍ። ሰሃኖቹ ከመስኮት ብርሃን አጠገብ ይሁኑ፤ በመጋዘኑ አምፖል ሥር ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢጫ መስለው ልዩነቱ ይጠፋል።)

ትዕይንት 3። በር ላይ፣ ናሙና ወሳጁ በሥራ ላይ

ናሙና ወሳጁ፦ መኪናው ሲቆም ጆንያ አናወርድም። መጀመሪያ እንወጋለን። 100 ጆንያ ከያዘ ከ10ሩ እወስዳለሁ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ከላይ ብቻ ከወሰድኩ ተታለልኩ ማለት ነው። ዝናብ የነካው ብዙ ጊዜ ታች ወይም ሸራው ያልደረሰበት ጎን ላይ ነው ያለው።

ሁሉንም አንድ ሰሃን ውስጥ ቀላቅዬ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። የሦስቱን አማካይ እጽፋለሁ። በትንሹና በትልቁ መካከል ከግማሽ በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አልጽፍም፤ እንደገና ቀላቅዬ ከመጀመሪያ እጀምራለሁ።

ኃላፊዋ፦ ንባቡን የሚያሳስተው ምንድን ነው?

ናሙና ወሳጁ፦ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ መሣሪያው ጀንፈል ላይ ተስተካክሎ የተፈለፈለ ቡና ከለካን ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ ወይም ከሞቀ መኪና የወጣ ቡና ትኩስ እያለ ከተለካ። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ እጄ ላይ ሙቀቱ ከተሰማኝ ገና ነው። ሦስተኛ፣ የመለኪያውን ኩባያ በእጅ መጠቅጠቅ። ቡናው በራሱ ይፍሰስበት፣ ከአፉ ጋር እኩል ይላጭ፣ በቃ።

ኃላፊዋ፦ ከዚያ ካርዱ ይንጠለጠላል። አረንጓዴ፦ እስከ 11.5፣ ወደ መጋዘን። ቢጫ፦ ከ11.5 አልፎ እስከ 13፣ ወደ ማድረቂያ አልጋ። ቀይ፦ ከ13 በላይ፣ ከነውጤቱ ወረቀት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ተሸካሚ ወንድሞቼ፣ የእናንተ ሥራ ካርዱን ማየት ነው። ሾፌሩ «ይመሽብኛል» ቢላችሁም ካርድ የሌለው ጆንያ ትከሻ ላይ አይወጣም። ከተጨቃጨቀ «የጥራት ክፍልን ጠይቅ» በሉት፤ ጭቅጭቁ የእኔ ነው።

(ቀረጻው ሲጀመር ማበጠሪያ ማሽኑ ይጥፋ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው የምሳ እረፍት ይቀረጽ፣ ዓርብ ግን አይሆንም፤ ሰው ጁምዓ ነው። ማይክሮፎኑ ነጠላው ላይ ከተሰካ የጨርቁ መፋተግ ድምፁን ይበላዋል፤ ከነጠላው ሥር፣ የቀሚሱ አንገት ላይ ይሰካ። ዝናብ ከጀመረ አቁሙ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ድምፅ በኋላ ማንም ሊያጠፋው አይችልም።)

ትዕይንት 4። አልጋዎቹ አጠገብ

ኃላፊዋ፦ ቢጫ ካርድ የያዘው ቡና እዚህ ይመጣል። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥ። በየግማሽ ሰዓቱ ይገላበጣል። ወፍራም ከተደረገ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ናሙናውም ከላይ ከተወሰደ ደረቀ ብሎ ይዋሻል።

ደመና ሲመጣ እንሸፍናለን። የጅማን ሰማይ ታውቁታላችሁ፣ በኅዳርም አይታመንም። ላስቲኩ ግን ቡናውን አይንካ። ሥሩ ላብ ይሠራና ያደረቅነውን መልሶ ያረጥበዋል። መጀመሪያ ጆንያ፣ ከላዩ ላስቲክ። ዝናቡ እንዳለፈ ወዲያው ግለጡት። ማታ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይቀዝቅዝና እንደገና ይለካ።

ትዕይንት 5። በዚያው፣ ኃላፊዋ ካሜራውን እያየች

ኃላፊዋ፦ ማስታወቂያው ላይ «እርምጃ» የሚል ቃል አለ። አልደብቅላችሁም፣ አሁንም አለ። ለማን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ። ተሳስታችሁ ብትጽፉ፣ ካርድ ብታቀያይሩ፣ ላስቲክ ብትረሱ፣ ንገሩን፤ አብረን እናርመዋለን፣ ማንም አይቀጣም። ቶሎ ከተነገረን አንድ ጆንያ እናወጣለን፤ ከሳምንት በኋላ ከሰማን ክምሩን በሙሉ ልናወርድ ነው። መሣሪያው ያላየውን ቁጥር አውቆ የጻፈ ሰው ግን ይጠየቃል። እኔ ብሆንም።

ሰኞ ኅዳር 1 እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት በር ላይ መሣሪያውን ሁላችሁም በእጃችሁ ትሞክራላችሁ፤ ለቃሚዎችም ጭምር። የክፍያው አሰላል በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ክፍያ መስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል። ማንበብ የሚከብደው ካለ ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ስንት ጊዜም ቢሆን።

በዝናብ ሮጣችሁ የሸፈናችሁትን ቡና አውቃለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የመጣችሁም ነበራችሁ። አመሰግናለሁ። ገለቶማ።

(መጨረሻው ላይ ሙዚቃም አርማም አይግባ፤ እሷ ተነሥታ አልጋው ላይ ያለውን ቡና ማገላበጥ ስትጀምር 5 ሰከንድ ይቆይና ያብቃ። በ720 ጥራት፣ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ከተጨመቀ ፋይሉ ወደ 40 ሜጋ ባይት ይሆናል። ዳታ ለሚቸግረው የትዕይንት 1 ቁራጭ ለብቻው፣ ከ10 ሜጋ ባይት በታች፣ አስቀድሞ ይላክ።)